የ x^5 ዴሪቬቲቭ ለምን 5x^4 ሆነ?

ካልኩለስ የጀመረ ተማሪ ቶሎ በቃሉ ከሚይዛቸው ሕጎች አንዱ ፓወር ሩል ነው። x^5 ሲሰጠው 5ቱን ከላይ አውርዶ ከፊት ያስቀምጠዋል። ከላይ አንድ ይቀንሳል። 5x^4 ብሎ ይጽፋል። x^12 ከሆነ 12x^11፣ x^100 ከሆነ 100x^99። ሕጉ በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ለምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ፈተናውን ያልፋል።

መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ከላይ የነበረው ቁጥር ለምን ወደ ፊት መጣ? ከላይስ ለምን በትክክል አንድ ብቻ ቀነሰ? ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይመስላሉ። መልሳቸው ግን አንድ ነው፣ እሱም ተራ ቆጠራ ነው። ይህን ፍንትው አድርጎ የሚያሳየው በባይኖሚያል የሚሠራው ማረጋገጫ ነው። ሕጉን በኢንዳክሽንም ማረጋገጥ ይቻላል፣ እንዲያውም አጠር ይላል። ግን ኢንዳክሽኑ ሕጉ እውነት መሆኑን ይነግረናል እንጂ 5ቱ ከየት እንደመጣ አያሳየንም። ለእኔ ባይኖሚያሉ የሚበልጠው በዚህ ነው።

እዚህ ኤክስፖነንቱ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ሙሉ ቁጥር ነው። ሌላ ዓይነት ቁጥር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር መጨረሻ ላይ እናያለን።

መጀመሪያ በቁጥር እንየው

ዴሪቬቲቭ የለውጥ ፍጥነት ነው። x ትንሽ ሲጨምር ፋንክሽኑ የዚያን ጭማሪ ስንት እጥፍ ይጨምራል? ጭማሪውን h እንበለው። x የነበረው x+h ይሆናል። ፋንክሽኑም ከ f(x) ተነስቶ f(x+h) ላይ ይደርሳል። የፋንክሽኑን ጭማሪ ለ h ስናካፍለው ይህ ይወጣል፦

```
f(x+h) - f(x)
-------------
      h
```

ከዚያ h ወደ ዜሮ እየተጠጋ ሲሄድ ይህ ክፍልፋይ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚጠጋ እንጠይቃለን። ያ ቁጥር ሊሚቱ ነው። ዴሪቬቲቭ የምንለውም እሱኑ ነው።

አሁን f(x) = x^5 እንውሰድና x = 2 ላይ እንቁም። 2^5 = 32 ነው። ሕጉ እውነት ከሆነ እዚህ ነጥብ ላይ የሚወጣው 5 × 2^4 ማለትም 80 መሆን አለበት።

h = 0.1 እናድርግ። 2.1^5 = 40.84101 ነው። 32 ስንቀንስ 8.84101 ይቀራል። ለ 0.1 ስናካፍል 88.4101 እናገኛለን። ከ80 ገና ራቅ ያለ ነው። h = 0.01 ስናደርግ 80.80401001 ይወጣል። h = 0.001 ላይ ደግሞ 80.080040010001። ከታች በኩልም መምጣት ይቻላል፤ h = -0.01 ሲሆን 79.20399001 ይሆናል። ከሁለቱም ወገን ወደ 80 እየተጠጋ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በካልኩሌተር ብቻ ሠርቶ ማለፍ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ውስጣቸው ሥርዓት አለ። 88.4101ን በደንብ እዩት። 80 + 8 + 0.4 + 0.01 + 0.0001 ነው። 80.80401001 ደግሞ 80 + 0.8 + 0.004 + 0.00001 + 0.00000001 ነው። h በአስር ሲቀንስ ሁለተኛው ቁራጭ በአስር ቀነሰ፣ ሦስተኛው በመቶ፣ አራተኛው በሺህ፣ አምስተኛው በአስር ሺህ። የመጀመሪያው 80 ግን ንቅንቅ አላለም። ማረጋገጫው የሚሠራው ይህ ለምን እንደሆነ ማሳየት ብቻ ነው።

ከአምስት ቅንፍ አንዱን መምረጥ

ሥራው ሁሉ ያለው (x+h)^5 ላይ ነው። ይህ ማለት አምስት ቅንፎች ተባዝተዋል ማለት ነው፦

```
(x+h)(x+h)(x+h)(x+h)(x+h)
```

ቅንፎቹን ስናባዛ የምናደርገው ይህን ነው፤ ከእያንዳንዱ ቅንፍ አንድ ፊደል እንወስዳለን፣ ወይ x ወይ h። የወሰድናቸውን አምስት ፊደሎች እናባዛቸዋለን። ከዚያ በሁሉም ዓይነት ምርጫ የወጡትን ብዜቶች እንደምራለን። እያንዳንዱ ቅንፍ ሁለት አማራጭ ስላለው ጠቅላላ 2^5 ማለትም 32 ብዜቶች አሉ።

ከ32ቱ አንዱ ከሁሉም ቅንፍ x የተወሰደበት ነው። እሱ x^5 ይሰጠናል።

ቀጥሎ h አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደባቸውን እንቁጠር። h ከመጀመሪያው ቅንፍ ሊመጣ ይችላል፣ ወይም ከሁለተኛው፣ ወይም ከሦስተኛው፣ ከአራተኛው፣ ከአምስተኛው። በዝርዝር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
hxxxx
xhxxx
xxhxx
xxxhx
xxxxh
```

አምስት ናቸው። እያንዳንዳቸው x^4 · h ናቸው። ሲደመሩ 5x^4 · h ይሆናሉ።

የሁለቱም ጥያቄ መልስ እዚህች ዝርዝር ላይ ነው። 5ቱ ወደ ፊት የመጣው h የሚመጣበት ቅንፍ በአምስት መንገድ ሊመረጥ ስለሚችል ነው። ከላይ አንድ የቀነሰው አንዱ ቅንፍ h ሰጥቶ አራቱ ብቻ x ስለሰጡ ነው። "ቁጥሩን አውርድ፣ አንድ ቀንስ" የሚባለው ሁለት እርምጃ የአንዲት ምርጫ ሁለት ገጽ ነው።

የቀሩት 26 ብዜቶችስ? እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት h አላቸው። ለሙሉነት እንጻፋቸው፦

```
(x+h)^5 = x^5 + 5x^4·h + 10x^3·h^2 + 10x^2·h^3 + 5x·h^4 + h^5
```

1፣ 5፣ 10፣ 10፣ 5፣ 1 የፓስካል ትሪያንግል አንድ መስመር ነው። ድምሩም 32 ነው፣ እንደቆጠርነው። (ትሪያንግሉ በፓስካል ስም ቢጠራም ቻይናና ፋርስ ውስጥ ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ይታወቅ ነበር።) ግን ልብ በሉ፣ እኛ ሁለቱን 10ሮች አንፈልጋቸውም። ቢሳሳቱብን እንኳ መልሱ አይለወጥም። የሚያስፈልገን ከሦስተኛው ተርም ጀምሮ ሁሉም h^2 ወይም ከዚያ በላይ መያዙ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ማረጋገጫ የሚፈራው የፋክቶሪያል ፎርሙላውን ሲያይ ነው። ፎርሙላው ግን እዚህ ጋ እምብዛም አይሠራም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተርሞች ጉዳዩን ይጨርሱታል።

ለዓይን የሚቀለው ደግሞ ዴሪቬቲቩ 2x የሆነው x^2 ነው። ጎኑ x የሆነ እኩል ጎን ያለው የመሬት ቁራሽ አስቡ። በሁለት ጎኑ h ያህል ቢሰፋ የተጨመረው መሬት ሁለት ረጃጅም ቁራጮችና አንዲት የማዕዘን ቁራሽ ነው። ረጃጅሞቹ እያንዳንዳቸው x·h ናቸው፣ የማዕዘኗ h^2 ናት። x አስር ሜትር፣ h አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሁለቱ ረጃጅሞች በድምሩ 0.2 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ የማዕዘኗ ግን 0.0001 ካሬ ሜትር ብቻ ናት። 2x ውስጥ ያለው 2 የእነዚያ የሁለት ረጃጅም ቁራጮች ቁጥር ነው።

አሁን በ n

ከአምስት ወደ n መሄድ አዲስ ሐሳብ አይጠይቅም። n ቅንፎች አሉ። ከሁሉም x ሲወሰድ x^n ይወጣል። h አንድ ጊዜ ሲወሰድ ቅንፉ በ n መንገድ ይመረጣል፣ የቀሩት n-1 ቅንፎች x ይሰጣሉ። ስለዚህ n·x^(n-1)·h ይወጣል። ሁለት h ያላቸው ደግሞ n(n-1)/2 ናቸው፣ ምክንያቱም ከ n ቅንፍ ሁለቱን የመምረጫው መንገድ ያ ነው። እንዲህ እያለ እስከ h^n ይሄዳል፦

```
(x+h)^n = x^n + n·x^(n-1)·h + [n(n-1)/2]·x^(n-2)·h^2 + ... + h^n
```

x^n ስንቀንስ የመጀመሪያው ተርም ይጠፋል። የቀረው ሁሉ ውስጡ h አለው። h ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ለ h ማካፈል እንችላለን፦

```
[(x+h)^n - x^n] / h = n·x^(n-1) + [n(n-1)/2]·x^(n-2)·h + ... + h^(n-1)
```

በስተቀኝ ያለውን እንየው። የመጀመሪያው ተርም ውስጥ h የለም። ሌሎቹ ሁሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ h አለ። h ወደ ዜሮ ሲጠጋ እነዚያ አንድ በአንድ ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። ብዛታቸው n-1 ነው፤ ቁርጥ ያለ ቁጥር ስለሆነ ድምራቸውም ወደ ዜሮ ይሄዳል። የሚቀረው n·x^(n-1) ነው። ማረጋገጫው አለቀ።

n = 1 ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይቀላል። (x+h) - x = h ነው፣ ለ h ሲካፈል 1 ይሆናል። ወደ ዜሮ የሚላክ ትርፍ ተርም የለም። ሕጉም 1·x^0 ይላል፤ እዚህ x^0 ን x = 0 ላይ ሳይቀር 1 ብለን እናነበዋለን።

h ዜሮ ነው ወይስ አይደለም?

በዚህ ማረጋገጫ ውስጥ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው አንድ ቦታ አለ። መጀመሪያ ለ h አካፈልን። ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል h ዜሮ አይደለም ማለት ነው። ቀጥለን ደግሞ h ያለባቸውን ተርሞች ጣልን፣ ልክ h ዜሮ እንደሆነ። ታዲያ የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አይደለም። አይዛክ ኒውተን በ1704 ባሳተመው የኩርባዎች ጽሑፍ ውስጥ የ x^n ን ለውጥ የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ጭማሪውን o በሚል ፊደል ጻፈው። (x+o)^n ን ዘረዘረ፣ የሁለቱን ጭማሪዎች ንጽጽር ለ o አካፈለ፣ ከዚያ ጭማሪዎቹ ይጥፉ አለ። የደረሰበትም n·x^(n-1) ነው።

በ1734 የአየርላንዱ ፈላስፋና የሃይማኖት ሰው ጆርጅ በርክሌይ ይህንኑ ሥራ በጽሑፍ አጠቃ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር። ጭማሪው አለ ብላችሁ አካፈላችሁ። ከዚያ የለም አላችሁ፣ ነገር ግን አለ ብላችሁ ያገኛችሁትን ውጤት ያዛችሁ። አንዱን ግምት ከሻርክ በእሱ የቆመው ሁሉ አብሮ መውደቅ አለበት። በርክሌይ መልሱ ስሕተት ነው አላለም። መልሱ ትክክል መሆኑን ያውቃል። የተቃወመው የተደረሰበትን መንገድ ነው፣ በዚያም እውነት ነበረው ብዬ አምናለሁ። መልሱ ትክክል ነውና መንገዱን ተዉት ማለት ሒሳብ አይሆንም።

አጥጋቢው መልስ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1821 ሊሚትን የካልኩለስ መሠረት አደረገው። ካርል ቫየርሽትራስ ደግሞ በኋላ ሐሳቡን በእኩል አለመሆን ቋንቋ አጠራው። መልሱ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ h መቼም ዜሮ አይሆንም። ዜሮ ነውም አላልንም። ያልነው ሌላ ነገር ነው፤ ክፍልፋዩ ወደ n·x^(n-1) የፈለግነውን ያህል እንዲጠጋ ማድረግ እንችላለን፣ h ን በቂ ትንሽ በማድረግ።

"የፈለግነውን ያህል" የሚለው ባዶ ቃል እንዳይሆን በምሳሌያችን እንሥራው። x = 2፣ n = 5 ላይ ከተካፈለ በኋላ ያለው ይህ ነው፦

```
80 + 80h + 40h^2 + 10h^3 + h^4
```

ከ80 ያለው ልዩነት 80h + 40h^2 + 10h^3 + h^4 ነው። h ከ1 ካልበለጠ (ምልክቱን ትተን መጠኑን ብቻ ስናይ) h^2፣ h^3 እና h^4 ከ h አይበልጡም። ስለዚህ ልዩነቱ ቢበዛ (80 + 40 + 10 + 1) ጊዜ h ነው፣ ማለትም 131 ጊዜ h።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ "ከ80 በ0.001 እንኳ እንዳይርቅ እፈልጋለሁ" ይበለን። 0.001ን ለ131 እናካፍላለን፣ 0.0000076 ገደማ ይወጣል። h ከዚያ ካነሰ የጠየቀው ተሟልቷል። ሌላው ደግሞ በቢሊዮንኛ ይምጣ፤ እሱንም ለ131 አካፍለን እንመልስለታለን። ማንም ሰው የቱንም ያህል ጠባብ ቢጠይቅ መልስ አለን። "ሊሚቱ 80 ነው" ማለት በትክክል ይህ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ h አንድም ጊዜ ዜሮ አልሆነም። የበርክሌይ ተቃውሞ የሚይዘው ቦታ የለውም።

131 የመጣው ከባይኖሚያሉ ራሱ ነው። 3^5 - 2^5 - 80 = 243 - 32 - 80 = 131። ይህም h = 1 አድርጎ ከሦስተኛው ተርም ጀምሮ መደመር ነው። ለማንኛውም x እና n በተመሳሳይ መንገድ እንዲህ ያለ ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ኔጌቲቭ x ካጋጠመን በመጠኑ እንሠራዋለን፣ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

የት ይበላሻል?

በጣም የተለመደው ስሕተት (x+h)^n ን x^n + h^n ብሎ መጻፍ ነው። ሠርታችሁ ብታዩት x^n ይጠፋል፣ h^n ለ h ሲካፈል h^(n-1) ይቀራል፣ n ከ1 ከበለጠ እሱም ወደ ዜሮ ይሄዳል። ማለትም የ x^2 ግራፍ የትም ቦታ ቢታይ ሜዳ ነው ማለታችሁ ነው። ዴሪቬቲቩ ሁልጊዜ ዜሮ ከወጣባችሁ መካከለኞቹን ተርሞች ጥላችኋል። በቁጥር ለመፈተሽ (2+1)^2 ን ማየት ይበቃል፤ 9 ነው፣ 5 አይደለም።

ሌላው f(x+h) ን f(x) + h ብሎ መተካት ነው። x^n + h - x^n ለ h ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይሰጣል። የሁሉም ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ 1 መሆን ሲጀምር ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው። h የሚጨመረው x ላይ ነው፣ ቅንፉ ውስጥ፣ ፓወሩ ከመነሳቱ በፊት።

ሦስተኛው ቸኩሎ ሳያካፍሉ h = 0 ማድረግ ነው። ከላይም ዜሮ፣ ከታችም ዜሮ ይሆናል። 0/0 ሲወጣ መልስ የለም ብሎ መደምደም አይገባም። የተባለው "ገና አላካፈልክም" ነው።

አራተኛው አደገኛ የሚሆነው ራሱን ስለሚደብቅ ነው። 80h + 80h^2 + 40h^3 + ... ለ h ሲካፈል አንዳንዱ ሰው የመጀመሪያውን ተርም ብቻ አካፍሎ 80 + 80h^2 + 40h^3 ብሎ ይጽፋል። ሊሚቱ አሁንም 80 ነው፣ ስለዚህ መልሱ ልክ ይመስላል። ሥራው ግን ተሳስቷል። ለማወቅ h = 0.1 አስገቡ፤ ትክክለኛው 88.4101 መስጠት አለበት። ካልሰጠ አንድ ቦታ ሳይካፈል የቀረ ተርም አለ።

የመጨረሻው ከማረጋገጫው ውጭ የሚፈጠር ነው፣ ግን ማረጋገጫውን የተረዳ ሰው አይሠራውም። 2^x ተሰጥቶ x·2^(x-1) ብሎ መጻፍ። x = 0 ላይ ይህ ዜሮ ይላል። ሆኖም 2^0 = 1 ነው፣ 2^0.01 ደግሞ 1.00696 ገደማ ነው፤ ክፍልፋዩ 0.696 ገደማ ይወጣል። ዜሮ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። x+h ያለው ከላይ ነው፣ ከታች ያለው 2 አልተነካም። የ x+h ቅንፎች ስለሌሉ የሚቆጠር ነገር የለም።

ኤክስፖነንቱ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ

ሕጉ ለ x^(1/2)ም፣ ለ x^(-1)ም ይሠራል። ማረጋገጫው ግን እዚያ አይደርስም። ግማሽ ቅንፍ የሚባል ነገር የለም፣ ኔጌቲቭ አንድ ቅንፍም የለም።

ኒውተን ገና ወጣት ሳለ ባይኖሚያሉን ለክፍልፋይ ኤክስፖነንትም አስፍቶት ነበር። በ1704ቱ ጽሑፍ (x+o)^n ን የዘረዘረው በዚሁ በማያልቅ ድምር ዘዴ ነው። ችግሩ "በማያልቅ" የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ቀደም ሲል "እያንዳንዱ ተርም ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ድምሩም" ያልነው ተርሞቹ የተቆጠሩ ስለነበሩ ነው። h እያነሰ ሲሄድ ብዛታቸው እያደገ ቢመጣ ነገሩ ሊፈርስ ይችላል። h ን 1/1000 አድርጉና አንድ ሺህ ጊዜ ደምሩት፤ 1 ይሆናል። h ን 1/1000000 አድርጉና አንድ ሚሊዮን ጊዜ ደምሩት፤ አሁንም 1 ነው። እያንዳንዱ ተርም እየሟሸሸ ነው፣ ድምሩ ግን ከቦታው አልተነሳም። የኒውተን ማያልቅ ድምር እንዲህ አይበላሽም፣ ሆኖም አለመበላሸቱ ራሱን የቻለ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ድምሩ የሚሠራውም h ከ x በመጠን ሲያንስ ነው።

ለ x^(-1) ቀላሉ መንገድ ክፍልፋዮቹን መቀነስ ነው። 1/(x+h) - 1/x ሲቀናነስ -h/[x(x+h)] ይሆናል። ለ h ሲካፈል -1/[x(x+h)]፣ ሊሚቱ -1/x^2። ሕጉ ካለው ጋር አንድ ነው፣ x ዜሮ እስካልሆነ ድረስ። ለሌሎቹ ኔጌቲቭ ሙሉ ቁጥሮች x^n ን አስቀድመን ስላረጋገጥን 1/x^n ላይ የማካፈልን ሕግ መጠቀም ይበቃል።

ለካሬ ሩት ደግሞ ከላይም ከታችም በ √(x+h) + √x እናባዛለን። ከላይ የሚቀረው (x+h) - x ማለትም h ብቻ ነው። ተካፍሎ 1/[√(x+h) + √x] ይሆናል፣ ሊሚቱ 1/(2√x)። ይህም (1/2)x^(-1/2) ነው። x = 0 ላይ ግን አይሠራም፤ ግራፉ እዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል።

ኤክስፖነንቱ √2 ከሆነ ቆጠራውም ሩቱም አይረዱንም። x^√2 ን መጀመሪያ ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የተለመደው መንገድ x ፖዘቲቭ ሲሆን e^(√2·ln x) ነው ማለት ነው። ከዚያ የቼይን ሩል ሥራ ነው። ውስጡ ያለው √2·ln x ዴሪቬቲቩ √2/x ነው፣ ውጭው ራሱ x^√2 ነው። ሲባዙ √2·x^(√2-1) ይወጣል። √2 ወደ ፊት የመጣው እዚህ ላይ ከሎጋሪዝሙ ውስጥ ነው፣ አንድ የቀነሰውም ln x ሲለወጥ ከወጣው 1/x ነው።